ኮዱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መልሱስ?

በሕግ ትምህርት ቤት መምህሩ «ለፈተናው ኮዳችሁን ይዛችሁ ግቡ» ሲል ክፍሉ ቀለል ይለዋል። ኦፕን ቡክ የሚባለው ፈተና ይህ ነው፤ ተማሪው የሕጉን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይፈተናል። በቃል መያዝ ቀረ፣ ሁሉም ነገር መጽሐፉ ውስጥ አለ ተብሎ ይታሰባል። ውጤት ሲለጠፍ ግን ሦስትና አራት ገጽ ሙሉ የሕግ ቁጥሮችን ገልብጦ ያስረከበው ተማሪ ዝቅ ያለ ነጥብ ይዞ ይገኛል። አንድ ገጽ ተኩል የጻፈችው ጓደኛው ትበልጠዋለች። እሱም መምህሩን ይጠረጥራል።

መምህሩ ግን ያደረገው ነገር ግልጽ ነው። ኮዱ በእሱም እጅ አለ። በወረቀቱ ላይ የተገለበጠውን ቁጥር ሲያነብ ከራሱ ኮድ የማያገኘው ምንም አዲስ ነገር አላገኘም፤ ስለዚህ ነጥብ የሚሰጥበት ነገር የለውም። ነጥብ የሚሰጠው ለሦስት ነገር ነው፦ ተፈታኙ ክርክሩ ምን ላይ እንደሆነ ለይቷል? ትክክለኛውን ቁጥር አግኝቷል? ቁጥሩን ከተሰጠው ታሪክ ጋር አገናኝቶ እዚህ ሰው ላይ ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል? መገልበጥ ሦስቱንም አያደርግም፤ ጊዜውን ግን ይበላል።

የጊዜው ጉዳይ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 ቁጥሮች አሉት። አንዱን ቁጥር በአንድ ደቂቃ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ለመጨረስ 56 ሰዓት ያስፈልገዋል። ፈተናው ሁለት ሰዓት ቢሆን፣ አንዱ ጥያቄ 40 ደቂቃ ቢደርሰው፣ ገጽ እያገላበጡ «እዚህ አካባቢ ነበር» ማለት የትም አያደርስም። መጽሐፉ የሚጠቅመው የት ምን እንዳለበት አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ደግነቱ ይህ ሕግ ሥርዓት ያለው መጽሐፍ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ አሠራሩም ከአጠቃላይ ወደ ዝርዝር የሚወርድ ነው። አምስት መጽሐፎች አሉት። የመጀመሪያው ስለ ሰዎች ነው። ሁለተኛው ስለ ቤተሰብና ስለ ውርስ፣ ሦስተኛው ስለ ንብረት፣ አራተኛው ስለ ግዴታዎች፣ አምስተኛው ስለ ልዩ ልዩ ውሎች ይናገራል። መጽሐፉ በአንቀጽ፣ አንቀጹ በምዕራፍ፣ ምዕራፉ በክፍል ይከፈላል። በዚህ ሕግ አንቀጽ የሚባለው ትልቁ ርዕስ ሲሆን ድንጋጌዎቹ «ቁጥር» ይባላሉ፤ ፍርድ ቤት «የፍ/ብ/ሕ/ቁ. 2081» ተብሎ የሚጠቀሰውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ብዙ ተማሪ ሳያየው የሚያልፈው ነገር የአንቀጹ መግቢያ ቁጥር ነው። መግቢያው ብዙ ጊዜ የሚከተለውን ሁሉ ዘርዝሮ ያስቀምጣል። ቁጥር 1678ን ያየ ሰው ውል ለመጽናት ምን ምን እንደሚያስፈልገው በአንድ ትንፋሽ ያነባል፦ ችሎታ ያላቸው ተዋዋዮች እንከን የሌለው ፈቃድ፣ በቂ እርግጠኝነት ያለው ሊፈጸም የሚችልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ፣ ሕግ በሚያዝበት ቦታ ደግሞ ፎርም። ቀጥሎ ያሉት ከሃምሳ የማያንሱ ቁጥሮች እነዚህኑ አንድ በአንድ የሚያብራሩ ናቸው። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገረው አንቀጽ 13 ይህንን ሥራ የሚሠራው ቁጥር 2027 ነው። ሰው ሌላውን ለጎዳበት ነገር የሚጠየቀው በሦስት መንገድ ነው ይላል፦ በራሱ ጥፋት፣ ጥፋት ሳይኖርበት ከሚሠራው ሥራ ወይም ከያዘው ነገር የተነሣ፣ ወይም ሕግ ኃላፊ ያደረገው ለሌላ ሰው ድርጊት። እነዚህ ሦስቱ ቀጥለው ወደሚመጡት ክፍሎች የሚያስገቡ በሮች ናቸው። ጥፋት ከ2028 እስከ 2065፣ ያለ ጥፋት የሚመጣ ኃላፊነት ከ2066 እስከ 2089፣ ለሌላ ሰው ድርጊት መጠየቅ ከ2124 እስከ 2136 ድረስ ነው። በመካከል ከ2090 እስከ 2123 ካሳው እንዴት እንደሚሰላ አለ። መጨረሻው ላይ፣ ከ2137 እስከ 2161፣ ክሱ እንዴት እንደሚቀርብና መቼ እንደሚያልፍ ተቀምጧል።

አሁን አንድ ኬዝ ይዘን እንሂድ። ጥያቄው እንዲህ ይላል እንበል፦

አንድ ሰው መኪናውን ግቢው ውስጥ አቁሞ፣ ቁልፉን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደ። መንጃ ፈቃድ የሌለው ታናሽ ወንድሙ ሳያስፈቅደው መኪናውን ይዞ ወጣ። ስልክ እያወራች መንገድ ስታቋርጥ የነበረችን ሴት ገጭቶ እግሯን ሰበራት። ሴትዮዋ ከሦስት ዓመት በኋላ በመኪናው ባለቤት ላይ ክስ መሠረተች። ባለቤቱ «እኔ አልነዳሁም፤ እንዲነዳም አልፈቀድኩም፤ ጥፋቱም የራሷ ነው፤ የክስ ጊዜውም አልፏል» ሲል ተከራከረ። ተከሳሹ ኃላፊ ነው?

ጠንቃቃዋ ተፈታኝ ኮዷን አትከፍትም፤ ገና ነች። አምስት ደቂቃ ለጥያቄው ትሰጣለች። እስክሪብቶ ይዛ ከታሪኩ ውስጥ ቃላት ታሰምርበታለች፦ መኪና፣ ወንድም፣ ሳያስፈቅደው፣ ስልክ እያወራች፣ ሦስት ዓመት። መምህሩ እነዚህን ቃላት ታሪኩ እንዲያምር ብሎ አላስገባቸውም። እያንዳንዱ ወደ አንድ ቁጥር ይጠቁማል። ባለቤቱ ያነሳቸው አራት መከራከሪያዎችም አሉ፤ እያንዳንዱን በኅዳጉ ላይ ቁጥር ትሰጠዋለች። ከዚህ በኋላ የምትፈልገው «መልሱን» አይደለም። ለአራት ጥያቄ አራት ቦታ ነው የምትፈልገው፤ ያ ደግሞ በጣም ይቀላል።

ኮዱን ስትከፍት የምትሄደው ወደ 2027 ነው። ከሦስቱ በሮች የቱ ነው የሚስማማው? እዚህ ላይ አብዛኛው ተማሪ ይሳሳታል። «ጉዳት ደርሷል፣ ስለዚህ ጥፋት» ብሎ ወደ 2028 ይገባል፤ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ መተው ቸልተኝነት ነው ወይስ አይደለም እያለ ሁለት ገጽ ይጽፋል። በተሳሳተ በር መግባቷን የምታውቅበት ምልክት አለ፦ በታሪኩ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ስትጀምር ነው። ታሪኩ ባለቤቱ ቸልተኛ ነበር የሚያሰኝ ብዙ ነገር አልሰጣትም፤ መኪና እንዳለው ግን በግልጽ ነግሯታል። ስለዚህ ሁለተኛው በር ነው። ከ2066 ጀምራ የምታነበው ጽሑፉን ሳይሆን ርዕሶቹን ብቻ ነው። የአካል ጉዳት፣ አደገኛ ሥራዎች፣ እንስሶች፣ ሕንጻዎች ያልፋሉ፤ ከዚያ መሣሪያዎችና ባለ ሞተር ተሽከርካሪዎች የሚለው ይመጣል፣ ቁጥር 2081። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቁጥር 2081ን ግን ቃል በቃል ታነበዋለች፤ አሁን ጊዜ መስጠት ይገባል። የመጀመሪያው ንዑስ ቁጥር የመኪናው ባለቤት ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል፤ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የባለቤቱን ሁለት መከራከሪያዎች በአንድ ጊዜ ይጥላቸዋል፦ «አልነዳሁም»ንም «አልፈቀድኩም»ንም። ሁለተኛው ንዑስ ቁጥር ግን መውጫ ይተዋል፤ ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ አይጠየቅም። እዚህ ላይ ነው ጥሩ ተፈታኝ ከመካከለኛ የምትለየው። ወንድም ሳያስፈቅድ መውሰዱ ስርቆት ነው? ቁልፉ ቤተሰብ በሚገባበት ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ወንድሙ መኪናውን የራሱ ለማድረግ አስቦ እንደወሰደው የሚያሳይ ነገር ታሪኩ ውስጥ የለም። የማስረዳቱም ሸክም በባለቤቱ ላይ ነው። ኮዱ ይህንን አይመልስላትም፤ ራሷ መከራከር አለባት፤ ነጥቡም ያለው እዚያ ነው።

«ጥፋቱ የራሷ ነው» የሚለው ሦስተኛ መከራከሪያ ወዴት ይወስዳል? በዚህ ኮድ ልዩ ሁኔታዎች ብዙውን ጊዜ የክፍሉ መጨረሻ ላይ ይገኛሉ። ተፈታኟ ይህንን ስለምታውቅ ከ2081 ወደ ኋላ አትመለስም፤ ወደ ፊት ሄዳ ክፍሉ ሊያልቅ ሲል 2086ን ታገኛለች። ቁጥሩ በመጀመሪያ ለተከሳሹ በሮችን ይዘጋል። አላጠፋሁም፣ የጉዳቱ ምክንያት አይታወቅም፣ ልከላከለው አልቻልኩም፣ ሌላ ሰው ነው ያጠፋው ማለት አያድንም። ቀጥሎ አንድ በር ብቻ ይከፍታል፤ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነ። ስልክ እያወሩ ማቋረጥ በከፊል ጥፋት ሊሆን ይችላል እንጂ ሙሉ በሙሉ የእሷ ጥፋት ነው ማለት ያስቸግራል፤ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ነው የገጫት። ከፊል ከሆነስ ካሳው ምን ይሆናል? ይህ የካሳ ጥያቄ ስለሆነ ከ2090 በኋላ ባለው ክፍል ውስጥ ነው። ቁጥር 2098 የተጎጂው ጥፋት ባለበት ጊዜ ካሳው በከፊል ብቻ እንደሚሆንና ዳኛው የጥፋቶቹን ክብደት እያመዛዘነ እንደሚወስን ይነግራታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ 2086ን ብቻ አግኝቶ የቆመ ተማሪ ግማሽ መልስ ነው የያዘው።

የቀረው ጊዜው ነው። የክስ ጊዜ የክስ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ክፍል፣ ቁጥር 2143። ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ካለፈ ክሱ ይታገዳል ይላል። ሦስት ዓመት አልፏል፤ ብዙዎች እዚህ ላይ «ባለቤቱ ይረታል» ብለው ወረቀታቸውን ይዘጋሉ። ንዑስ ቁጥር ሁለትን ያላነበቡ ናቸው። ጉዳቱ የመጣው በወንጀል ሕግ ከሚያስቀጣ ድርጊት ከሆነና ለዚያ ወንጀል ረዘም ያለ የጊዜ ገደብ ከተወሰነ፣ ለካሳውም ክስ የሚያገለግለው ረዘም ያለው ነው። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ ወንጀል ነው። ስለዚህ መንገዱ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጥቶ በ1996 ዓ.ም. ወደ ወጣው የወንጀል ሕግ ይሄዳል፦ ወደ አንቀጽ 559 ለጥፋቱ፣ ወደ አንቀጽ 217 ለጊዜው። ፈተና ክፍል የገባው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ ከሆነ መንገዱን አሳይቶ «ውጤቱ የሚወሰነው የአካል ጉዳቱ ክብደት በሚያስከትለው ቅጣትና ለዚያ በተወሰነው ጊዜ ነው» ማለት ይበቃል። ድርጊቱን የፈጸመው ወንድሙ ሆኖ ሳለ ረዘም ያለው ጊዜ በባለቤቱም ላይ ይሠራል ወይ የሚለውን ጥያቄ ያነሳች ተፈታኝ ደግሞ መምህሯን ታስደስታለች።

እስካሁን የሄደው ጊዜ ከአሥራ አምስት ደቂቃ ቢበልጥ ብዙ አይበልጥም። የተገኙት አምስት ቁጥሮች ናቸው፦ 2027፣ 2081፣ 2086፣ 2098፣ 2143። ለመጻፍ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። አጻጻፉ ይህን ይመስላል፦

«ክርክሩ የመኪና ባለቤት ያለፈቃዱ በተነዳ መኪና ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል ወይ የሚል ነው። በቁ. 2081(1) መሠረት ባለቤትነቱ ብቻ ለኃላፊነት ይበቃል፤ አለመፍቀዱ አያድነውም። በቁ. 2081(2) ለመዳን መኪናው መሰረቁን ማስረዳት አለበት፤ ቁልፉን ቤተሰብ በሚገባበት ሳሎን መተዉና ወንድሙ መኪናውን የራሱ ለማድረግ ማሰቡ አለመታየቱ ግን ስርቆት ነው ለማለት አያስችልም።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ክርክሩን ከሚለየው ከመጀመሪያው በቀር በእያንዳንዱ ውስጥ ቁጥሩ አለ፣ የቁጥሩ ፍሬ ነገር በራስ ቃል አለ፣ ከታሪኩ የወጣ ነገርም አለ። 2081ን ሙሉውን መገልበጥ ከዚህ የሚረዝም ቦታና ጊዜ ይወስዳል፤ ሳሎኑና ቁልፉም በገለበጠው ወረቀት ላይ አይገኙም። ቃል በቃል መጥቀስ የሚገባበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። ክርክሩ በሕጉ አንድ ቃል ላይ ሲቆም፣ ለምሳሌ እዚህ «ተሰርቆ» በሚለው ላይ፣ ያንን ቃል ብቻ በትምህርተ ጥቅስ አስገብቶ ስለ እሱ መከራከር ያስፈልጋል።

ይህ ፍጥነት ፈተና ክፍል ውስጥ አይወለድም። ከፈተናው ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ተማሪዋ በአንድ ነጠላ ወረቀት ላይ ካርታ ትሠራለች። በካርታው ላይ የምታሰፍረው የሕጉን ጽሑፍ አይደለም። በግራ በኩል ኬዝ የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች፣ በቀኝ በኩል የት እንደሚመለሱ ትጽፋለች። «ማን ይጠየቃል?» ከሚለው ትይዩ 2027 እና ሦስቱ በሮች፤ «ምን ያህል ይከፈላል?» ከሚለው ትይዩ 2090፤ «ጊዜው አልፏል?» ከሚለው ትይዩ 2143። ለውል ሕግም እንዲሁ፦ ውሉ ጸንቷል ወይ ለሚለው 1678፣ በጽሑፍ መሆን ነበረበት ወይ ለሚለው ከ1719 ጀምሮ፣ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ 1723፣ ውሉ ይፍረስልኝ የሚለው ማን ነው ለሚለው 1808፣ አጠቃላዩ የአሥር ዓመት ይርጋ 1845። በፊደል ተራ የተሰለፈ ማውጫ ግን ለኬዝ ብዙ አይረዳም፤ ኬዝ በቃል ሳይሆን በችግር ነው የሚመጣው።

ካርታውን ወደ ፈተና ክፍል ይዞ መግባት ይፈቀዳል ወይ የሚለውን መምህሩን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ ኮዱ ንጹሕ እንዲሆን ይጠየቃል፤ ኅዳጉ ላይ ማስታወሻ የተጻፈበት ኮድ ሊወሰድ ይችላል። እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ ካርታው በጭንቅላት ይያዛል፤ የሚያዘው አንድ ገጽ ስለሆነ ከባድ አይደለም። ገጽ ላይ ባለ ቀለም ወረቀት መለጠፍ ከተፈቀደ ደግሞ ትልልቆቹ አንቀጾች የሚጀምሩበት አምስት ስድስት ቦታ ይበቃል። ሠላሳ የተለጠፈበት ኮድ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ከመለጠፊያዎቹ መካከል ትክክለኛውን ለማግኘት ሌላ ማውጫ ያስፈልገው ነበር።

ካርታው ሲያልቅ ልምምዱ በሰዓት ነው። አንድ የታሪክ ዓረፍተ ነገር ይወሰዳል፤ «ያመለጠ በሬ የሰው አትክልት አበላሸ» ወይም «ከፎቅ የወደቀ ዕቃ አላፊውን መታው» እንበል። ሁለት ደቂቃ ይሰጣል። ካልተገኘ የት እንደጠፋ መለየት ይጠቅማል። ትክክለኛው አንቀጽ ውስጥ ሆና በርዕሶቹ መካከል ከጠፋች፣ የሚጎድላት የዚያን ክፍል ርዕሶች ደጋግሞ ማንበብ ነው። የተሳሳተ አንቀጽ ውስጥ ከቆየች ግን፣ የሚጎድላት መግቢያውን ቁጥር ማወቅ ነው። ሦስት ርዕስ አንብባ አንዱም ከታሪኩ ጋር ካልተገናኘ አራተኛውን ማንበብ የለባትም፤ ወደ መግቢያው ተመልሳ ሌላውን በር ትሞክር።

ኮዱ ራሱ የማይነግራት አንድ ነገር ደግሞ አለ። በእጇ ያለው መጽሐፍ ውስጥ ከታተሙት ቁጥሮች አንዳንዶቹ ዛሬ አይሠሩም፤ ገጹ ላይ ግን እንደ ሌሎቹ ተቀምጠዋል። ከ550 ጀምሮ ያለው የጋብቻና የቤተሰብ ክፍል በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213፣ ተተክቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል። ስለ ግልግል ዳኝነት የሚናገሩት ከ3325 በኋላ ያሉት ቁጥሮች በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1237 ተሽረዋል። የሥራ ውል ክርክርን ይዞ ወደ አምስተኛው መጽሐፍ የሚሄድ ሰው አሠሪና ሠራተኛን በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዳለ መርሳት የለበትም። መሬት የመሸጥ ጥያቄ ሲመጣም ሦስተኛው መጽሐፍ ስለ ባለቤትነት ከሚለው በፊት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይቀድማል። ፈጥና ያገኘችው ቁጥር የተሻረ ከሆነ ፍጥነቷ አይጠቅማትም፤ ስለዚህ በዚያች አንድ ገጽ ካርታ ላይ ከእያንዳንዱ ትልቅ ክፍል አጠገብ የተተካበትን አዋጅ ቁጥርና ዓመቱን በቀይ ትጽፋለች።